ሁለት ራውተር በአንድ መስመር ላይ፦ ስለ ድርብ ኤንኤቲ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኤክስቦክሴ «Double NAT detected» ይለኛል። ሞደሙን የሰጠኝ የኢንተርኔት አቅራቢው ነው፤ ራውተሩን ግን እኔ ገዝቼ ከኋላው አስገባሁት። ፊልም ያለ ችግር አያለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር እየተጫወትኩ ማውራት ግን አልቻልኩም።

መልስ፦ «Double NAT» ማለት ሞደሙም ራውተሩም ተከታትለው የመሣሪያዎችህን የግል አድራሻ በሌላ አድራሻ ይቀይራሉ ማለት ነው። ፊልሙ የማይቸገረው ጥያቄው የሚነሣው ከአንተ ቤት ስለሆነ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች ማን ምን እንደጠየቀ መዝግበው መልሱን ወደ ባለቤቱ ይመልሳሉ። የጓደኛህ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ከውጭ ተነሥቶ የሚመጣ ነው። ኤክስቦክሱ በ«UPnP» በኩል «ይህን በር ክፈትልኝ» ብሎ የሚጠይቀው ያንተን ራውተር ብቻ ነው። የፎቁ ዘበኛ «እንግዳ ይመጣል፣ አስገባው» ተብሏል፤ የግቢው በር ዘበኛ ግን ወሬውም አልደረሰውም፣ እንግዳውን ከደጅ ይመልሰዋል።

ምንም ከመነካካትህ በፊት የራውተርህን ገጽ ክፈትና «Status» በሚለው ሥር ወደ ውጭ የሚያገናኘውን የ«WAN» አድራሻውን አንብብ። በ«192.168.» ወይም በ«10.» ከጀመረ፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው ውስጥ ከወደቀ፣ ከፊቱ ሌላ አድራሻ ቀያሪ አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚመክረው የሚከተለው የዊንዶውስ ትእዛዝም ይረዳል፦

```
tracert -d 8.8.8.8
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች እንዲህ ያለ የግል አድራሻ ካሳዩ ጥርጣሬህ ይጠናከራል። ነገር ግን አንዳንድ አቅራቢዎች በራሳቸው መረብ ውስጥም የግል አድራሻ ስለሚጠቀሙ፣ እኔ ከትእዛዙ ይልቅ የራውተሩን ገጽ አምናለሁ።

ራውተሩን የገዛኸው ዋይፋዩ መኝታ ቤት ድረስ እንዲደርስ ብቻ ከሆነ፣ በቅንብሩ ውስጥ «Access Point» የሚል ምርጫ ፈልግና እርሱን አብራ። ከዚያ በኋላ አድራሻ የሚቀይረው ሞደሙ ብቻ ይሆናል። በሞደሙ ላይ «UPnP» መብራቱን አረጋግጥና ኤክስቦክሱን አጥፍተህ አብራ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ማስረዘም ምን ያደርጋል? በራውተሩ ላይ «DHCP» ማጥፋት ብቻ ይበቃል። እኔ ለስንት ሰው ሠርቻለሁ።

መልስ፦ ግማሹ ትክክል ነው። «Access Point» የሚል ምርጫ በሌለው አሮጌ ራውተር ላይ ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለው «DHCP» መጥፋት አለበት። ነገር ግን ከሞደሙ የመጣው ገመድ በ«WAN» ቀዳዳ ላይ እንዳለ ካጠፋኸው፣ ኤንኤቲው እንደነበረ ይቀራል፤ በዚያ ላይ ስልኮቹ አድራሻ የሚሰጣቸው ያጣሉ። አንተ የሠራህላቸው ሰዎች ዘንድ ገመዱን ወደ «LAN» ቀዳዳ ሳታዛውር አልቀረህም።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። መጀመሪያ የራውተሩን የራሱን አድራሻ ወደ ሞደሙ ሰፈር አምጣው፤ ሞደሙ 192.168.1.1 ከሆነ ራውተሩን 192.168.1.2 አድርገው፣ ሞደሙ ለሌሎች ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆኑንም እይ። ቀጥሎ «DHCP»ን አጥፋ። ገመዱን የምታዛውረው በመጨረሻ ነው። «DHCP»ን አስቀድመህ ካጠፋህ ግን የራውተሩን ገጽ ለመክፈት ለኮምፒውተርህ በእጅ አድራሻ ለመስጠት ትገደዳለህ።

ጥያቄ፦ ሱቅ አለኝ። የካሜራው መቅረጫ ከራውተሬ ጋር ተያይዟል፣ አድራሻው 192.168.0.20 ነው። ፖርት 8000ን በራውተሩ ላይ ከፈትኩ፤ ሱቅ ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን አይከፈትም። የራውተሩ «WAN» 192.168.1.5 ይላል።

መልስ፦ እርስዎ የከፈቱት የውስጠኛውን በር ነው። ከውጭ የሚመጣው ጥሪ መጀመሪያ የሚያርፈው ሞደሙ ላይ ስለሆነ፣ ሞደሙ ወደ 192.168.1.5 እንዲያስተላልፈው መንገር ይኖርብዎታል። ለዚህ ደግሞ ያ አድራሻ መለዋወጥ የለበትም። በሞደሙ ገጽ ላይ 192.168.1.5ን ለራውተርዎ በቋሚነት ይመድቡለት፤ ያለዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል፣ የሠሩትም ሁሉ ሌላ መሣሪያ ላይ ያነጣጥራል። ከዚያ በሞደሙ ላይ ፖርት 8000ን ወደ 192.168.1.5 ይምሩ። «DMZ» የሚለውን መርጠው ሁሉንም ወደ ራውተሩ ማሳለፍም ይቻላል፤ ራውተሩ የራሱ መከላከያ ስላለው በዚህ አሠራር ብዙ አልሰጋም።

ፍተሻውን ከሱቁ ዋይፋይ ላይ ሆነው አያድርጉት። የስልክዎን ዋይፋይ አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይሞክሩ፣ አለበለዚያ ውጤቱ ያታልልዎታል። መቅረጫው ከፋብሪካ የመጣበትን የይለፍ ቃል እንደያዘ ከሆነ ደግሞ በሩን ከመክፈትዎ በፊት ይቀይሩት። በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የተዛመተው የፋብሪካ ይለፍ ቃል ባልተቀየረባቸው ካሜራዎችና መቅረጫዎች ነበር።

ጥያቄ፦ የእኔም ድርብ ኤንኤቲ ነው መሰለኝ። ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ ቀን ደህና ነው። ራውተሩን ልንቀለው?

መልስ፦ አይመስለኝም፣ እህቴ። ሁለት ጊዜ አድራሻ መቀየር የሚጨምረው መዘግየት በሰው ዓይን የሚታይ አይደለም፤ ሰዓት ለይቶም አይመጣም። ማታ ብቻ የሚመጣ ችግር የመስመር መጨናነቅ ወይም የጎረቤቶች ዋይፋይ መደራረብ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር በገመድ ከሞደሙ ጋር አገናኝተሽ ማታ ለኪው። በገመድም ካዘገመ ጣጣው የመስመሩ ነው፣ ራውተርሽን አትንኪው።

ጥያቄ፦ እኔ ሞደሙን «Bridge» አድርጌው ድርቡ ጠፋ፤ ነገር ግን የቤት ስልኩ አብሮ ሞተ። ለምን?

መልስ፦ ከሁሉም ንጹሕ መፍትሔው «Bridge» ነው፤ ሞደሙ ምልክት ማስተላለፍ ብቻ ይሠራል፣ እውነተኛውን አድራሻ የሚይዘው ያንተ ራውተር ይሆናል። አደጋውም ያው ነው። ስልኩ በሞደሙ ውስጥ «VLAN» በሚባል በራሱ የተለየ የመስመር ቁጥር የሚሄድ ከሆነ ኢንተርኔቱ ሲቀየር መነካት አልነበረበትም፤ የስልኩን መስመርም አብረህ ቀይረኸው ይሆናል። ወይም ደግሞ አቅራቢው ሁለቱን በአንድ መስመር ያስኬዳቸው ይሆናል። ገጹን ሳላይ መፍረድ አልችልም።

ገና ያልነካችሁት የሞደሙን የ«WAN» ገጽ መጀመሪያ ፎቶ አንሡት። ወደ አቅራቢው መረብ የሚያስገባው የ«PPPoE» የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በእጃችሁ መኖሩንም አረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ የሚገቡት በራውተሩ ላይ ነውና። የይለፍ ቃሉ በገጹ ላይ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን ከአቅራቢው መጠየቅ የግድ ሊሆን ይችላል። ሞደሙን ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ ደግሞ ሁሉንም ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ባለ ሱቁ ነኝ። ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ፣ በሞባይል ዳታ አሁንም እምቢ አለ። የሞደሙ የራሱ «WAN» 100.70.14.9 ይላል።

መልስ፦ እንግዲያው ሦስተኛ አድራሻ ቀያሪ አለ፤ እርሱም በአቅራቢው ግቢ ውስጥ ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል አቅራቢዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ እውነተኛ አድራሻ እንዲያጋሩ የተመደበ ነው። «Bridge» ቢያደርጉትም ራውተርዎ የሚያገኘው ያንኑ ዓይነት አድራሻ ስለሆነ፣ ከእርስዎ በኩል የሚከፈት በር የለም።

የቀረዎት አቅራቢው በክፍያ የራስዎን እውነተኛ አድራሻ ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ካልሰጠ አቅጣጫውን ይገልብጡት፦ መቅረጫው ራሱ ወደ ውጭ ይደውል። ብዙ መቅረጫዎች በአምራቹ ሰርቨር በኩል የሚገናኙበት «P2P» የሚባል ምርጫ አላቸው፤ ያብሩትና በመተግበሪያው ኮዱን ይቃኙ። ምስሉን በአምራቹ ሰርቨር ማሳለፍ ካልወደዱ፣ ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ከራውተሩ ወደዚያ «WireGuard» የተባለ የተመሰጠረ መስመር መዘርጋት ይቻላል፤ ራውተርዎ የሚችል ከሆነ የሞዴሉን ቁጥር ይጻፉልኝ። እስከዚያው በሞደሙና በራውተሩ ላይ የከፈቷቸውን ፖርቶች መልሰው ይዝጓቸው።