አግድም የተቀረጸ ቪዲዮ ለቲክቶክና ለሪልስ፦ ጥያቄና መልስ

ሄኖክ፦ የሁለት ሰዎች ቃለ መጠይቅ 1920 በ1080 አለኝ። ወደ ቁም ስቀይረው ፊታቸው ቀጠነ፣ ረዘመም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ስፋቱን ጨምቀህ ቁመቱን ስበኸዋል ማለት ነው። ያለው አማራጭ ወይ ጎኑን መቁረጥ፣ ወይ ከላይና ከታች መሙላት ነው። የቁም ቪዲዮ 1080 በ1920 ነው፤ ሙሉ ቁመቱን ይዘህ ጎኑን ብትቆርጥ የሚተርፍህ 608 ፒክስል ስፋት ነው፤ የምስሉ ሲሶ እንኳ አይሞላም። እሱንም ወደ 1080 ስታጎላው ይደበዝዛል። ሰዎቹ ግራና ቀኝ ከተቀመጡ ደግሞ መሃል ላይ የሚቀርህ ጠረጴዛው ነው።

ለአንተ የሚሻለው አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች መደርደር ነው። ከየጎኑ 1080 በ960 ቁረጥ። ሁለቱ ሲደራረቡ ልክ 1080 በ1920 ይሆናሉ፣ ምንም ማጉላት የለም። ffmpeg በተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ትእዛዙ ይኸው፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -filter_complex "[0:v]split[a][b];[a]crop=1080:960:0:0[l];[b]crop=1080:960:840:0[r];[l][r]vstack" -c:a copy out.mp4
```

ይህ ከታች 120 ፒክስል ይጥላል። ከጭንቅላታቸው በላይ ባዶ ቦታ ካለ፣ የሁለቱንም `crop` የመጨረሻ ዜሮ 120 አድርገው፤ ያኔ የሚቆረጠው ከላይ ነው። መሃል ላይ ያለ ማይክ ግን ሁለቴ ሊታይ ይችላል።

ሰላም፦ ለምን ትደክማላችሁ? ጥቁር መሙላት ነዋ። ከምስሉ ምንም አይጠፋም።

መልስ፦ አይጠፋም፣ እውነትሽን ነው። ግን ከ1920 ቁመት ምስሉ የሚይዘው 608 ብቻ ነው። ስልክ ላይ ፊት ለማየት መጠጋት ሊያስፈልግ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ መሃል መንገድ አለ፦ 1080 በ1080 አራት ማዕዘን ቁረጪና ከላይና ከታች 420፣ 420 ሙይ። እዚህም ማጉላት የለም። ጽሑፍ ካለሽ የላይኛው ጥቁር ላይ አድርጊው፤ የታችኛውን የመተግበሪያው መግለጫ ይሸፍነዋል።

ሰላም፦ ከጥቁር ይልቅ የደበዘዘ ጀርባስ? እኔ እሱ ነው የሚያምረኝ።

መልስ፦ እኔን ከኋላ የሚንቀሳቀሰው ነገር ያናድደኛል። የምርጫ ጉዳይ ነው።

ትዕግስት፦ የእህቴን ሰርግ በአግድም ቀረጽኩ። ስልኩን አቁሜ ብቀርጸው አይሻልም ነበር?

መልስ፦ ለቲክቶክ ብቻ ከሆነ አዎ። ግን በ4ኬ ከቀረጽሽው አትጨነቂ፦ ቁመቱ 2160 ስለሆነ ሲቆረጥ ስፋቱ 1215 ይተርፋል። ከ1080 ስለሚበልጥ አይደበዝዝም። ችግሩ ሙሽሮቹ ከቦታ ቦታ መሄዳቸው ነው። በኪፍሬም፣ ማለትም የፍሬሙን ቦታ በየጊዜው በሚወስን ምልክት፣ ፍሬሙን አስከትያቸው፣ ግን ቀስ ብሎ ይሂድ፤ በየሰከንዱ ከዘለለ ያዞራል። ሁሉም ተሰልፎ እስክስታ የሚመታበትን ግን አትቁረጪው፣ ሙይው።

ሄኖክ፦ ሠራ! ግን አንዱ ብቻ ረጅም ሲያወራ ሌላው ዝም ብሎ መታየቱ ይከብዳል። እዚያ ላይ አንዱን ብቻ ልቁረጥ?

መልስ፦ ያኔ ወደ አራት ማዕዘኑ ቀይር። በየስንት ሰከንዱ መቀያየር እንዳለበት ግን አንተው እያየህ ወስን። አድማጩ ፈገግ ሲል እኔ አልቆርጠውም።