ለኮምፖስት ክምር የወጥ ቤት ልጣጭ ከገለባና ከደረቅ ቅጠል ጋር ስንት በስንት ይደባለቃል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ጋሼ፣ በየቦታው «30 ለ1» ይባላል። 1 ባልዲ ልጣጭ ላይ 30 ባልዲ ገለባ ማለት ነው? ያን ያህል ገለባ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። 30 ለ1 የሚባለው በክምሩ ውስጥ ያለው የካርቦን ክብደት ከናይትሮጅኑ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ነው። ገለባው ራሱ ናይትሮጅን አለው፣ ልጣጩም ካርቦን አለው። የድንች፣ የካሮትና የጎመን ልጣጭ ሲደባለቅ 15 ለ1 ገደማ ይሆናል። የስንዴ ገለባ 80 ለ1፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ደረቅ ቅጠል እንደ ዛፉ ዓይነት ከ40 እስከ 80 ይደርሳል። እኛ የምንፈልገው ሁሉም ተደባልቆ ከ25 እስከ 30 ባለው ውስጥ እንዲወድቅ ነው።

በባልዲ ሲለካ ለ1 ባልዲ ልጣጭ ከ2 እስከ 3 ባልዲ ደረቅ ነገር ይበቃል። ገለባው ሳይጠቀጠቅ፣ ቅጠሉ በእጅ ተፈርክሶ ይለካ። ልጣጩ ብዙ ቡናና ጎመን ካለበት ወደ 3፣ የሽንኩርት ደረቅ ቅርፊትና የበቆሎ ቆረቆንዳ ከበዛበት ወደ 2 ያዘንብሉ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ በግቢያችን አራት ቤተሰብ አለን። በሁለት ሳምንት 40 ኪሎ ያህል ልጣጭ ይወጣል። በግምት ሳይሆን በሂሳብ ቢያሳዩን? 10 ኪሎ የስንዴ ገለባና አንድ ጆንያ ደረቅ ቅጠል አለን።

መልስ፦ የጆንያው ቅጠል 5 ኪሎ ይመዝናል ብለን እንነሳ። መጀመሪያ ውሃውን መቀነስ አለብን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ40 ኪሎ ልጣጭ 32ቱ ውሃ ነው፣ ደረቁ 8 ኪሎ ብቻ። ከደረቁ ወደ ግማሽ የሚጠጋው፣ 45 በመቶ ብንል፣ ካርቦን ነው፦ 3.6 ኪሎ። በ15 ስናካፍለው ናይትሮጅኑ 0.24 ኪሎ ይሆናል።

ከ10 ኪሎ ገለባ አንዱ ኪሎ እርጥበት ነው። ከቀሪው 9 ኪሎ 4 ኪሎ ካርቦንና 0.05 ኪሎ ናይትሮጅን እናገኛለን። 5 ኪሎው ቅጠል፣ 50 ለ1 ነው ብንል፣ 2 ኪሎ ካርቦንና 0.04 ኪሎ ናይትሮጅን ይሰጣል።

ሲደመር ካርቦኑ 9.6፣ ናይትሮጅኑ 0.33 ነው። ሲካፈል 29 ለ1። ውሃው ደግሞ ከ55 ኪሎው 33.5፣ ማለትም 61 በመቶ ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ተጨማሪ ውሃ እንዳታፈሱበት። ድብልቁን በጭብጥ ይዛችሁ ጠበቅ ስታደርጉት በጣቶቻችሁ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ብቅ ካለ ልክ ነው።

ቅጠሉን ትታችሁ 10 ኪሎውን ገለባ ብቻ ብትጨምሩ ካርቦንና ናይትሮጅኑ 26 ለ1 ሆኖ በወረቀት ላይ ያምራል። ውሃው ግን 66 በመቶ ይደርስና ክምሩ ይጨቀያል። ስለዚህ ደረቁ ነገር ሁለት ሥራ አለው፤ ካርቦን ይሰጣል፣ ውሃም ይጠጣል። እርጥብ ልጣጭ ባለበት ቤት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያጥረው ሁለተኛው ነው።

በ20 ሊትር ባልዲ ከተለካ 4 ባልዲ ልጣጭ፣ 8 ባልዲ ገለባና 4 ባልዲ የተፈረከሰ ቅጠል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ከግማሽ ሜትር ኩብ በታች ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እንዲህ ያለ ትንሽ ክምር ሙቀቱን አይዝም። ልጣጩን በየቀኑ በጆንያ ውስጥ ከገለባ ጋር እያደባለቃችሁ አቆዩና ቁመቱም ወርዱም አንድ ሜትር የሚሆን ሲጠራቀም አንድ ላይ ከምሩት።

አስተያየት (ከቡራዩ)፦ ዋናው ሽታው ነው። ክምር ከሸተተ ናይትሮጅን በዝቷል ማለት ነው። እኛ ጋ አመድ እንነሰንስበታለን፣ ወዲያው ይጠፋል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው። ሽታ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። አፍንጫን የሚሰነፍጥ፣ ቆይቶ ያደረ ሽንት የመሰለ ሽታ አሞኒያ ነው። እርግጥም ናይትሮጅን በዝቷል፤ ተሕዋስያኑ ሊጠቀሙበት ያልቻሉት በአየር እየሄደ ነው። የተበላሸ እንቁላል የመሰለው ሽታ ግን ከመጠኑ ይልቅ አየር በማጣት የሚመጣ ነው። ውሃ በዝቶ ወይም ተጠቅጥቆ ውስጡ ታፍኗል። 28 ለ1 የሆነ ክምርም እንዲህ ሊሸት ይችላል።

አመዱን በተመለከተ፣ ለአሞኒያው ጭራሽ አይሆንም። አመድ ኮምጣጣነትን ይቀንሳል፣ ኮምጣጣነት ሲቀንስ ደግሞ አሞኒያው በበለጠ ፍጥነት ይተናል። ሽታው የጠፋው ናይትሮጅኑ ተንኖ ስላለቀ ሊሆን ይችላል፤ ለጎመኑ የታሰበው ምግብ ነው የሄደው። ለአሞኒያ ሽታ በአንድ ሜትር ክምር ላይ 3 ወይም 4 ባልዲ ገለባ ጨምረህ አደባልቀው። ለእንቁላል ሽታው ክምሩን አፍርሰህ ሻካራ ነገር፣ ለምሳሌ የተከተፈ የበቆሎ አገዳ፣ እየጨመርክ አላልተህ መልሰው።

አስተያየት (ከቡራዩ፣ እንደገና)፦ አመዱን ጨርሶ እንተወው ማለትዎ ነው?

መልስ፦ ለአንድ ሜትር ክምር አንድ ሁለት ጭብጥ ጉዳት የለውም፣ ፖታሲየም ይጨምራል። በባልዲ አይሁን፤ አሞኒያ በሚሸትበት ጊዜ ደግሞ በጭብጥም አይሁን።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ እኔ ከመስከረም ጀምሮ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከምሬያለሁ። አምስት ጆንያ ቅጠልና ሁለት ባልዲ ልጣጭ ነው። እስካሁን አልሞቀም፣ ቅጠሉም እንዳለ ነው። ባሕር ዛፍ መርዝ ነው ይሉኛል፣ ልጣለው?

መልስ፦ አይጣሉት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ላዩ ሰም የለበሰ ነው፣ ውስጡም ዘይት አለው፤ በዚህ የተነሳ ውሃ ቶሎ አይገባውም፣ ተሕዋስያንም ቀስ ብለው ነው የሚያጠቁት። እየበሰበሰ ሲሄድ ዘይቱ ይጠፋል። የእርስዎን ክምር ያስቆመው ግን በዋናነት የናይትሮጅን እጥረትና ድርቀት ነው። ሁለት ባልዲ ልጣጭ ለአምስት ጆንያ ቅጠል በጣም ጥቂት ነው።

እበት የሚያገኙ ከሆነ ክምሩን ያፍርሱና ቅጠሉን በዱላ ወይም በመርገጥ ይሰባብሩት። ለእያንዳንዱ 4 ባልዲ ቅጠል 1 ባልዲ ትኩስ እበት እየደባለቁ እንደገና ይከምሩ። እበቱ ራሱ ውሃ ይዞ ስለሚመጣ በጭብጥ ሳይሞክሩ ውሃ አይጨምሩ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን አንድ ፌሮ ክምሩ መሃል ድረስ ሰክተው አሥር ደቂቃ ያቆዩት። ሲያወጡት በእጅ ለረጅም ጊዜ መያዝ ካስቸገረ ሥራው ጀምሯል። ለብ ብቻ ካለ ግማሽ ባልዲ እበት ወይም ከቡና ቤት የተሰበሰበ የቡና አተላ ይጨምሩበት። ለወደፊቱ ባሕር ዛፍ ከደረቁ ነገር ሲሶውን ባያልፍ እመርጣለሁ፣ ቀሪው የአቮካዶ፣ የግራቪሊያ ወይም የሌላ ዛፍ ቅጠልና ገለባ ይሁን።

ጥያቄ (ከሆለታ)፦ ናይትሮጅን ካነሰ ዩሪያ ብንጨምርስ? ለስንዴዬ በሄክታር አንድ ኩንታል ነው የምጨምረው፣ ለክምሩም እንደዚያው ነው?

መልስ፦ የማሳው መጠንና የክምሩ መጠን አይገናኙም። ለክምር የሚታሰበው ምን ያህል ናይትሮጅን እንደጎደለ ብቻ ነው። 20 ኪሎ ገለባ 8 ኪሎ ያህል ካርቦን አለው፤ ወደ 30 ለ1 ለመድረስ 0.27 ኪሎ ናይትሮጅን ይፈልጋል። ራሱ 0.1 አለው፣ የጎደለው 0.17 ኪሎ ነው። ከዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 370 ግራም ይበቃል። በውሃ አሟሙተህ ገለባውን ስታርስበት እየረጨህ ደባልቀው። በአንድ ቦታ ከተደፋ ግን አብዛኛው በአሞኒያ መልክ ያመልጣል። እበት ወይም ልጣጭ ካለህ ዩሪያውን ለማሳው ብትተወው ይሻላል፤ ውድ ነውና።

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ የጤፍ ጭድ ለከብትና ለቤት ምርጊት ተፈልጎ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። በምን እንተካው?

መልስ፦ ለክምር የስንዴና የገብስ ገለባ ከጭድ ይሻላል ባይ ነኝ። ጭድ ቀጭን ስለሆነ ሲርስ እንደ ምንጣፍ ይጣበቅና አየር ይዘጋል። የስንዴውን ገለባ ከእጅ ጣት በማይረዝም ቁራጭ ከትፈው ከማደባለቅዎ በፊት አንድ ሌሊት አርሰው ያንጠፍጥፉት፤ ደረቁን ሲያስገቡት ውሃ እየገፋ መሃል ላይ ሳይበሰብስ ይቀራል። ይህን ካደረጉ ግን በሰበታው ሂሳብ ላይ ውሃው ስለሚጨምር፣ እርጥብ ልጣጭ ለበዛበት ክምር ደረቁን እንዳለ ማስገባቱ ይሻላል። ካርቶን ያለ ፕላስቲክ ልባጩ ተቀዳዶ ይሆናል። ሰጋቱራ ግን ከ300 ለ1 በላይ ስለሆነ ለ1 ባልዲ ልጣጭ ከግማሽ ባልዲ አይበልጥ፣ ብቻውንም አይሁን፤ ይታፈናል።

አስተያየት (ከሆለታ)፦ እኔ በየሳምንቱ ካልገለበጥኩት አይሆንልኝም። ቶሎ ይደርሳል።

አስተያየት (ከለገጣፎ)፦ የኛ ሳይገለበጥ ስድስት ወር ቆይቶ እንደ ቡና ጥቁር ሆኗል፣ ለምን ወገብ ይሰበራል?

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትሉት ይሠራል። መገልበጥ ያፈጥናል፣ ግን ናይትሮጅን የበዛበትን ክምር በገለበጣችሁ ቁጥር አሞኒያ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠኑን በገለባ አስተካክሉ፣ ከዚያ ፌሮው መቀዝቀዝ ሲጀምር ገልብጡ። በሳምንት ይሁን በሦስት ሳምንት ፌሮው ይንገራችሁ።

አስተያየት (ከሆለታ)፦ እኔ አሁንም ሳምንቱን አልለውጥም።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ክረምት ሲገባስ? አጥንትና የወጥ ትራፊም እናስገባ?

መልስ፦ አጥንት፣ ሥጋና ቅባት ያለበት ወጥ ከከተማው ዳር ጅብና ውሻ ይጠራል፣ ክምሩን ሌሊት ሲበትኑት ታገኛላችሁ። እንጀራ ደርቆ ተፈርፍሮ በትንሹ ይገባል። ለክረምቱ ግን ዋናው ስንቅ ደረቅ ነገር ነው። ገለባ ከጥር እስከ የካቲት፣ ውቂያ እንዳለቀ፣ ርካሽ ስለሚሆን ያኔ ገዝታችሁ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቅጠሉንም ከሰኔ በፊት በጆንያ ሰብስቡ። ሐምሌ ላይ ልጣጩ እንደ ወትሮው ይወጣል፣ ደረቅ ቅጠል ግን የትም አይገኝም። ክምሩን በፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ጎኑን ግን አየር እንዲያገኝ ክፍት ተዉት።