ኪንግደም ኦፍ ሄቨንን በረጅሙ፣ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን በአጭሩ ጀምር

«ሰላም የግሩፑ ሰዎች። ኪንግደም ኦፍ ሄቨንን ላስጭን ሄጄ ልጁ ‹ቲያትሪካሉን ነው ዳይሬክተርስ ከቱን?› ሲለኝ መልስ አጣሁ። ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ላይ ደግሞ ኤክስቴንድድ የሚባል አለ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? መጀመሪያ የቱን ልይ?»

ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ፔዳ በር አካባቢ አራት ዓመት ፊልም ስጭን ኖሬ፣ አሁን የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ያንተን ጥያቄ በሁለቱም ሥራ ላይ ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ።

ቲያትሪካል የሚባለው ፊልሙ መጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሲወጣ የታየው ቅጂ ነው። ዳይሬክተርስ ከት ዳይሬክተሩ «የኔ ፊልም ይሄኛው ነው» ብሎ በኋላ ያወጣው ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ ተብሎ የሚሸጠው ነው። ኤክስቴንድድ ደግሞ ተቆርጠው የቀሩ ትዕይንቶች ተመልሰው የገቡበት የረዘመ ቅጂ ነው፤ ዳይሬክተሩ ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል ብሏል ማለት ግን አይደለም። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም እዚህ ድረስ ብቻ ይወስድሃል። የቱን እንደምታስቀድም የሚነግርህ መቀሱን የያዘው ማን እንደነበረና የወጣው ነገር ምን እንደነበረ ነው።

ፊልም ለምን እንደሚቆረጥ በቁጥር እንየው። የኪንግደም ኦፍ ሄቨን ቲያትሪካል 144 ደቂቃ ነው፣ ዳይሬክተርስ ከቱ 194። አንድ አዳራሽ በቀን 12 ሰዓት ይሠራል እንበል፣ ሰው ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ደግሞ 20 ደቂቃ ያዝለት። አጭሩ አራት ጊዜ ይታያል፣ ረጅሙ ሦስት ጊዜ ብቻ። ከየአዳራሹ በየቀኑ የአንድ ዙር ትኬት ይቀራል ማለት ነው። ገንዘቡን ያወጣው ስቱዲዮ ይህን ያሰላል። አብዛኛው ዳይሬክተር ደግሞ የመጨረሻውን ቅጂ የመወሰን መብት በውሉ ውስጥ የለውም።

ኪንግደም ኦፍ ሄቨን ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሪድሊ ስኮት በ2005 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ፊልም ኢየሩሳሌም በ1187 በሳላዲን እጅ ስለወደቀችበት ጊዜ ነው። ሥጋ ደዌ ይዞት ፊቱን በብር ጭንብል የሚሸፍነው ንጉሥ ባልድዊን ሲቢላ የምትባል እህት አለችው። በአጭሩ ቅጂ ንጉሡ ሲሞት ዘውዱ በቀጥታ ወደ እሷና ወደ ባሏ ይሄዳል። ከዚያ ሴትዮዋ በድንገት ስብር ትላለች። ፀጉሯን ትቆርጣለች፣ ከሰው ትርቃለች። ቤቴ መጥተው የጫኑ ተማሪዎች «እሷ ምን ነካት?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፣ እኔም አጭሩን ብቻ ስለማውቅ «ወንድሟ ሞቶባት ነው» እል ነበር።

ለካስ ልጅ ነበራት። በረጅሙ ቅጂ ሲቢላ ትንሽ ወንድ ልጅ አላት፣ አጎቱ ሲሞት የሚነግሠውም እሱ ነው። አንድ ትዕይንት አለ፤ ልጁ ደብዳቤ ሲያትም የቀለጠ ትኩስ ሰም እጁ ላይ ይንጠባጠባል። እጁን አይሰበስብም፣ ፊቱም ቅጭም አይልም። እናቱ ይህን ስታይ የሷን ፊት ተመልከት። ወንድሟን የበላው ደዌ በልጇ ላይ መጀመሩን የተረዳችው በዚያች ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ የምታደርገውን አልነግርህም፣ ራስህ እየው። አጭሩ ቅጂ ላይ ይህ ልጅ ፈጽሞ የለም። የሐዘኗ ምክንያት ተቆርጦ ሐዘኗ ብቻ ቀርቷል። (ልጁ በታሪክም የነበረ ነው፣ በ1186 በሕፃንነቱ ሞቷል። የደዌው ነገር ግን የፊልሙ ፈጠራ ነው።)

ይህን ጥፋት እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ አያት ከዘጌ በጀልባ ነበር የመጡት። ጠዋት ወደቡ ላይ ሄጄ ሲወርዱ ቀርጫቸዋለሁ፣ ነጠላቸው በሐይቁ ንፋስ እየተገለበጠ፣ ሁለት ጎረምሳ ደግፏቸው። ሙሽሮቹ «ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ» ስላሉኝ ያንን ስድስት ደቂቃ አወጣሁት፤ ጭፈራ የለበት፣ ዘፈን የለበት ብዬ። መልሱ ላይ ግን ሙሽራዋ አንዲት አሮጊት ጉልበት ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ቪዲዮውን ያዩት የሙሽራው ዘመዶች «ይህቺ እናት ማን ናት? ልጅቱስ ለምን ታለቅሳለች?» አሉ። ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ፤ ያንን የሚናገረው የጀልባው ትዕይንት ነበር። መለስኩትና ሌላ ጭፈራ ቆረጥኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከማውጣቴ በፊት ወደፊት ሄጄ በሱ ላይ የቆመ ሌላ ትዕይንት መኖሩን አያለሁ።

ስለዚህ ኪንግደም ኦፍ ሄቨንን በቀጥታ ከዳይሬክተርስ ከቱ ጀምር። አጭሩን ቀድመህ ካየህ ፊልሙን ደካማ ነው ብለህ ትተወዋለህ፣ ወደ ረጅሙም አትመለስም። እኔ ያየሁት ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የቀረበት።

ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ጋ ስትመጣ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ፒተር ጃክሰን ፊልሙ አልተነጠቀበትም፤ ሲኒማ ቤት የታየውን እሱ ራሱ ፈቅዶ ነው ያወጣው። ኤክስቴንድዱ ታሪኩን ወደውት ሌላም ሌላም ለሚሉ ሰዎች በኋላ በዲቪዲ የወጣ ነው። ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ ነው፣ ለተጨመሩት ትዕይንቶች አዲስ ሙዚቃ ሳይቀር ተሠርቶላቸዋል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው አልመክርም። ምክንያቱን ከሦስተኛው ፊልም ላሳይህ፤ ገና ካላየኸው ቀጣዩን አንቀጽ ዝለለው።

አራጎርን የሙታኑን ሠራዊት እንዲዋጉለት ሊለምን ተራራው ውስጥ ይገባል። በቲያትሪካሉ «ምን ትላላችሁ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፣ ትዕይንቱም መልሱን ሳንሰማ እዚያው ይቆረጣል። ከተማዋ ተከባ ሰው እያለቀ ሳለ የጠላት መርከቦች ወደቡ ላይ ይደርሳሉ፣ «በቃ አለቀ» ስትል አራጎርን ከመርከቡ ዘሎ ይወርዳል፣ ሙታኑም ከኋላው። ኤክስቴንድዱ ላይ ግን ሙታኑ እሺ ሲሉ ትሰማለህ፣ አራጎርን መርከቦቹን ሲያስቆምም ታያለህ። መርከቦቹ ሲመጡ ውስጣቸው ማን እንዳለ አስቀድመህ ታውቃለህ፣ ልብህ አይሰቀልም። አንድ መልስ መጨመሩ አንድ ድንጋጤ ወሰደ።

ኪንግደም ላይ የተቆረጠው ምክንያት ነበር፣ እዚህ የተቆረጠው ምስጢሩን ቀድሞ የሚያወጣ ነገር ነው። ሁለቱም «ረጅሙ» እና «አጭሩ» ቢባሉም አንድ አይደሉም። ሎርድን መጀመሪያ በቲያትሪካሉ ጨርሰው። ስትወደው ወደ ኤክስቴንድዱ ተመለስ፤ ያኔ ለምሳሌ የክፉው ጠንቋይ የሳሩማን መጨረሻ ምን እንደሆነ ታያለህ፣ ሲኒማ ቤት በታየው ሦስተኛ ፊልም ላይ ያ ትዕይንት አልነበረም።

«ዳይሬክተርስ ከት» ስላለ ብቻ እንዳትቸኩል ደግሞ የዚያኑ የሪድሊ ስኮትን ኤሊየን ተመልከት። የ1979ኙን ቅጂ ዳይሬክተሩ ወዶት ነው ያወጣው። በ2003 ስቱዲዮው ጠይቆት ሌላ ቅጂ ሠራ፣ ዳይሬክተርስ ከት ተባለ፣ ርዝመቱም ከመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ያህል ያንሳል። እሱ ራሱ የመጀመሪያው እንደሚበልጥበት ተናግሯል። ኤሊየንን በ1979ኙ ጀምር። ብሌድ ራነር ላይ ግን የ1982ቱን ስቱዲዮው የተራኪ ድምፅና የማይመስል ደስተኛ መጨረሻ አስገብቶበት ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሙሉ በሙሉ እንደፈለገው የሠራው የ2007ቱን ፋይናል ከት ነው፣ በሱ ጀምር።

አሁን የቀረው ፍላሽህ ላይ ያለው የቱ እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እኔ ቤት ለረጅም ጊዜ አጭሩ ኪንግደም ብቻ የነበረበት ምክንያት ቀላል ነው። የደንበኛው ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ፎርማት የተደረገው FAT32 በሚባለው ነው፣ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ጥራት ያለው የሦስት ሰዓት ፊልም ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ጫኙ የሚያልፍለትን ያስቀምጣል። ፍላሽህን exFAT አድርገህ ፎርማት ካደረግከው ይገባልሃል፣ ግን በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ገልብጠው።

የፋይሉን ስም አትመን፤ `DC` ወይም `Extended` ተብሎ ተጽፎበት አጭሩ ሆኖ ያገኘሁት ብዙ ነው። ደቂቃውን እይ። ደቂቃው ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ የአውሮፓ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ 25። ከዚያ የተገለበጠ ፊልም በትንሹ ይፈጥናል፣ 144 ደቂቃው 138 ገደማ ይሆናል፣ 194ቱ ደግሞ 186። ምንም አልተቆረጠም። ኪንግደም 186 ካለህ ረጅሙ ነው፣ 138 ካለህ አጭሩ።

ሰብታይትል የምትጠቀም ከሆነ እሱም ይነግርሃል። ጽሑፉ ከድምፁ ቀስ በቀስ እየራቀ ከሄደ፣ በመጀመሪያ በአንድ ሰከንድ፣ ግማሽ ላይ በደቂቃዎች፣ የፍጥነት ልዩነት ነው። እስከ አንድ ቦታ ልክ ሆኖ መጥቶ ድንገት በአንድ ጊዜ ደቂቃ ሙሉ ከዘለለ ግን ሰብታይትሉ የሌላ ቅጂ ነው፤ የዘለለበት ቦታ አንድ ትዕይንት የተጨመረበት ወይም የወጣበት ነው። VLC ላይ `G` እና `H` እየተጫንክ ብታስተካክለው ቀጣዩ ትዕይንት ላይ እንደገና ይጠፋብሃል። አትድከም፣ ለዚያው ቅጂ የተሠራውን ሰብታይትል ፈልግ።

ኪንግደምን ለማረጋገጥ ደግሞ ሁሉንም ማየት አያስፈልግህም። ፊልሙን ከግማሽ በኋላ ወዲህ ወዲያ አሳልፈው። ዘውድ የደፋ ትንሽ ልጅ ካየህ ፋይሉን ያዘው፣ ካላየህ መልሰህ ውሰድና «ልጁ ያለበትን» በለው።