የተሰበረ እቃ ሲደርስ ለአቅራቢው የሚጻፍ ቅሬታ፦ ጥያቄና መልስ

ሴራሚክ ገዢ፦ 60 ካርቶን የወለል ሴራሚክ አዝዤ ነበር። ሹፌሩ ስለቸኮለ ፈርሜ ተረከብኩ። ማታ ስከፍት የ9 ካርቶን ሴራሚክ ተሰብሯል። ለአቅራቢው ምን ብዬ ልጻፍ?

መላሽ፦ ከደብዳቤው በፊት፣ ካርቶኑን እንዳይጥሉ። ስብርባሪውንም እንደዚሁ። ብዙ ሰው ቤቱን አጽድቶ፣ ቆሻሻውን አውጥቶ ነው ቅሬታ መጻፍ የሚጀምረው። አቅራቢው «መጥተን እንይ» ሲለው የሚያሳየው ነገር የለውም።

አሁን ዘጠኙን ካርቶኖች ለብቻ ያስቀምጡ። በማርከር ከ1 እስከ 9 ቁጥር ይጻፉባቸው። ፎቶ ሲያነሱ ከሩቅ ወደ ቅርብ ይሂዱ። መጀመሪያ ካርቶኖቹ አንድ ላይ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ካርቶን መለያው እንዲነበብ ሆኖ፣ ከዚያ የካርቶኑ አራቱም ማዕዘን፣ መጨረሻ ላይ ውስጡ። ውስጡን ሲያነሱ ሴራሚኩን ከማሸጊያው አያውጡት። ስብራቱ ከማሸጊያው ጋር አብሮ ሲታይ ነው እንዴት እንደተሰበረ የሚናገረው። ማዕዘኑ የተጨፈለቀ ካርቶን ወድቋል ወይም ተመትቷል። ካርቶኑ ደህና ሆኖ ውስጡ ከተሰበረ ግን ጥርጣሬው ወደ አስተሻሸጉ ይሄዳል። የተሰበረውን ብቻ በቅርብ ያነሳ ሰው ግን ሴራሚክ መሰበሩን እንጂ የትና እንዴት እንደተሰበረ አላሳየም።

የእርስዎ ካርቶኖች ውጫቸው ምን ይመስላል?

ሴራሚክ ገዢ፦ ንጹህ ነው። አንዱም አልተጨፈለቀም። የተሰበሩት ግን ሁሉም ፓሌቱ ታች የነበሩት ናቸው።

መላሽ፦ ይህን ደብዳቤው ላይ ያስገቡ፤ ጥርጣሬውን ወደ አስተሻሸጉ ስለሚወስድ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«በላይኛው የትዕዛዝ ቁጥር የላካችሁልን 60 ካርቶን ሴራሚክ ሰኞ ከሰዓት ደርሶናል። በዚያው ማታ ስንከፍት በ9 ካርቶኖች ውስጥ ያለው ሴራሚክ ተሰብሮ አገኘነው። ዘጠኙም ከፓሌቱ የታችኛው ረድፍ ናቸው። ካርቶኖቹ ከውጭ ጉዳት ስለማይታይባቸው በርክክብ ጊዜ ማወቅ አልቻልንም። ከ1 እስከ 9 ቁጥር የተሰጣቸው ፎቶዎች፣ የርክክብ ሰነዱና ኢንቮይሱ ተያይዘዋል። እቃው መጥታችሁ እስክታዩት ሳይነካ ተቀምጧል። የምንጠይቀው በዚያው ቶንና ካሊበር 9 ምትክ ካርቶኖች፣ በእናንተ የማጓጓዣ ወጪ፣ እስከ መጪው አርብ እንዲደርሱን ነው። ያ ቶን ካለቀ የዘጠኙን ዋጋ የሚቀንስ ክሬዲት ኖት ላኩልን። እስከ ረቡዕ መልሳችሁን እንጠብቃለን።»

ቶንና ካሊበር የሚለውን እንዳይዘሉት። ሁለቱም ካርቶኑ ላይ ተጽፈዋል። ሞዴሉ አንድ ሆኖ ቶኑ ከተለየ ቀለሙ፣ ካሊበሩ ከተለየ ደግሞ መጠኑ በጥቂቱ ይለያያል። ዝም ብሎ «9 ካርቶን ላኩልኝ» ያለ ሰው ከሌላ ዙር ምርት ይላክለትና ወለሉ ላይ ዝንጉርጉር ይሆንበታል። ሌላው ደግሞ፣ ጉድለት ያየበትን ሴራሚክ ካነጠፈ በኋላ የሚያመለክት ሰው ሰሚ አያገኝም።

ሌላ አባል፦ በከንቱ አትልፉ። በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ ብሎ ከፈረመ አለቀ። ደግሞ ከ7 ቀን በኋላ መብት የለም።

መላሽ፦ ግማሹ ልክ ነው። ፊርማው ይጎዳል፤ ግን ከውጭ የማይታይ ጉዳትን አያጠፋም። 7 ቀን የምትለው ደግሞ በዓለም አቀፍ የመንገድ ጭነት ስምምነት ለአጓጓዡ የሚሰጥ ማስታወቂያ ነው፣ ያውም እሁድና በዓል ሳይቆጠር፣ ከውጭ ለማይታይ ጉዳት። በባሕር በሄግ ደንቦች 3 ቀን ነው። በአየር በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት 14 ቀን ነው። በመንገድና በባሕር ቀኑ ቢያልፍ የማስረዳት ሸክሙ አንተ ላይ ይከብዳል እንጂ በሩ አይዘጋም። በአየር ግን ይዘጋል። ሻጩ ሌላ ነው። በ1980ው የዓለም አቀፍ ሽያጭ ስምምነት በተገቢ ጊዜ ውስጥ ማሳወቅ ነው የሚጠበቀው፣ ጣሪያው 2 ዓመት። የአገር ውስጥ ግዢ በየአገሩ ሕግና በውላችሁ ነው። ያም ሆኖ ማንም ሰው ቀን ሲቆጥር ባይቆይ ይሻላል፤ ባዩት ቀን ይጻፉ።

የመጋዘን ሠራተኛ፦ እኛ ሁልጊዜ ሰነዱ ላይ «በኋላ ይፈተሻል» ብለን ነው የምንፈርመው። ይበቃል አይደል?

መላሽ፦ አይበቃም። ስንቴ ተናገርኩ! ይህ ሐረግ ምን እንዳየህ አይናገርም። «3 ካርቶን ማዕዘናቸው ተጨፍልቋል፣ 1 ካርቶን እርጥብ ነው» ብለህ ጻፍ፣ ሹፌሩም ይፈርምበት። እምቢ ካለ «ሹፌሩ ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ብለህ ሰዓቱን መዝግብ፣ የመኪናውን ታርጋም ፎቶ አንሳ። ሹፌር የሚቸኩልበት ጊዜ ነው ዋናው ጊዜ። አንዴ መኪናው ከወጣ በኋላ ጉዳቱ የት ደረሰ የሚለው ክርክር ነው።

የመጋዘን ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ በቀን 20 መኪና ሲገባ ይህን ሁሉ ማን ይጽፋል?

መላሽ፦ ሁሉንም አይደለም። ውጩ የተበላሸውን ብቻ።

ሱቅ ያለኝ፦ እኔ ደብዳቤ አልጽፍም። ከሚቀጥለው ክፍያ ቆርጬ እከፍላለሁ፣ ያኔ ራሳቸው ይደውላሉ።

ሴራሚክ ገዢ፦ ይህ ሐሳብ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር።

መላሽ፦ ጥንቃቄ ያድርጉ። ሳያሳውቁ መቁረጥ ራስዎን ያልከፈሉ ያደርግዎታል፤ አቅራቢውም ስለ ስብራቱ ትቶ ስለ ዕዳው ያወራል። መጀመሪያ ይጻፉ። የሚቀንሱት ደግሞ የዘጠኙን ብቻ ነው፣ የ51ዱን መያዝ አያስኬድም።

ሱቅ ያለኝ፦ በተግባር ግን የሚሠራው እሱ ነው። ሙሉ ከከፈልክ ማን ያስታውስሃል?

የሒሳብ ባለሙያ፦ ውሉ መቁረጥ ይከለክላል ወይስ አይከለክልም የሚለው መታየት አለበት። እኛ ጋ አንድ አቅራቢ ውሉን ጠቅሶ ወለድ ጠይቆናል።

ሱቅ ያለኝ፦ እኔ ውል የለኝም፣ በስልክ ነው የማዝዘው።

መላሽ፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አንፈታውም። ቢያንስ ትዕዛዙን በመልእክት አረጋግጥ።

አዲስ አባል፦ እቃዬ ተበላሽቷል፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የትኛው እቃ? ስንት? መቼ ደረሰ? ከላይ ያለውን አንብበህ ተመለስ። እስከዚያው ካርቶኑን አትጣል።

ስልክ የገዛች፦ እኔ ደግሞ ጥቁር አዝዤ ሰማያዊ ስልክ ነው የመጣልኝ። እንዲህ ብዬ ልጻፍ?

መላሽ፦ እህቴ፣ ያ የተሰበረ ሳይሆን የተሳሳተ እቃ ነው። ትዕዛዝሽንና የመጣውን ጎን ለጎን ላኪ፣ ስልኩን አትጠቀሚበት።

ሴራሚክ ገዢ፦ የመጨረሻ። አቅራቢው «አጓጓዡን ጠይቅ» ቢለኝስ?

መላሽ፦ አጓጓዡን የቀጠረው ማን ነው? እርስዎ ከሆኑ፣ እቃው ጭነት ላይ በደህና እንደወጣ አቅራቢው ሊከራከር ይችላል፤ ቢሆንም የአስተሻሸግ ጉድለት ወደ እሱ ይመለሳል። እሱ ከሆነ ውሉ ላይ አደጋው የት ወደ እርስዎ እንደሚሻገር ይዩ። እኔ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስኪለይ አልጠብቅም። ያንኑ ፎቶ በያዘ ደብዳቤ ለሁለቱም በአንድ ቀን እጽፋለሁ፣ ኢንሹራንስ ካለም ለሦስተኛው። የታችኛውን ረድፍ ነገር መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡት። ጉዳቱን የሚመረምር ሰርቬየር ቢልኩ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።