ኮንክሪት መጨመር ሁሌም ንዝረት ይቀንሳል?

«ማሽናችን በደቂቃ 720 ዙር ይሽከረከራል፣ መሠረቱ በጣም ይንቀጠቀጣል። ብሎኩ ላይ 1 ሜትር ኮንክሪት ብንጨምርበት ይረጋጋል?»

ቆይ፣ ኮንክሪቱን አትዘዝ። ሊብስበት ይችላል።

ብሎኩን እንደ ክብደት፣ ከሥሩ ያለውን አፈር እንደ ስፕሪንግ አስበው። ብሎኩ በራሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ ማለትም የተፈጥሮ ፍሪኩዌንሲው f፣ እንዲህ ይሰላል፦

```
f = (1/2π)·√(k/m)
```

k የአፈሩ ግትርነት፣ m ደግሞ የብሎኩና የማሽኑ ክብደት ነው። ልኩን ስላልጻፍክ በግምት ልሥራው። ብሎኩ 4 በ3 ሜትር ነው፣ ከነማሽኑ 40 ቶን። አፈሩ በአንድ ካሬ ሜትር 30,000 kN/m ግትርነት ቢኖረው፣ በ12 ካሬ ሜትር k 360,000 kN/m ይሆናል። f ወደ 15 ኸርዝ ይመጣል። ማሽንህ በሰከንድ 12 ዙር፣ ማለትም 12 ኸርዝ ነው። ሁለቱ ሲቀራረቡ ንዝረቱ ይጎላል፤ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

አሁን 1 ሜትር ጨምርበት። 29 ቶን ገደማ ይከብዳል፣ ስፕሪንጉ ግን ያው ነው። f ወደ 11.5 ይወርዳል፤ ማሽኑ ላይ ልክክ አለ!

እኔ ብሆን ብሎኩን ወደ ጎን አሰፋው ነበር። ከግርጌው ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ውፍረት ባለው ኮንክሪት 5 በ4 ብታደርገው ክብደቱ 50 ቶን ገደማ፣ k ደግሞ 600,000 ይሆናል። f 17.5 ይደርሳል። አዲሱ ኮንክሪት ከአሮጌው ጋር በብረት በደንብ ካልታሰረ ግን ልፋትህ ከንቱ ነው።

ይህ ወደ ላይና ወደ ታች ላለው ንዝረት ብቻ ነው። ብሎኩ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። የአፈሩንም ቁጥር ከግምት ሳይሆን ከምርመራ ውሰድ፤ እርጥበት ብቻውን ይለውጠዋል።