የአፊሊየት ኮሚሽን እንዴት ይታሰባል? ለአንባቢስ ምን ተብሎ ይነገራል?

«ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ተማሪ ነኝ። ስለ ቡናና ስለ ወጥ ቤት ዕቃ በአማርኛ የምጽፍበት ትንሽ ብሎግ አለኝ። የአማዞን አፊሊየት ሊንክ ላስገባ አስቤ ነበር፤ ግን ገንዘቡ በምን እንደሚታሰብ አልገባኝም። አንባቢዎቼን ያታለልኩ እንዳይመስልስ ምን ብዬ ልጻፍ?»

እህቴ፣ ኮሚሽኑ የሚታሰበው ሰው ሊንኩን ስለተጫነ ሳይሆን ዕቃ ስለገዛ ነው። በሊንኩ ውስጥ `tag=` ከሚለው ቀጥሎ ያንቺ መለያ አለ። አንባቢ ሊንኩን ሲጫን አማዞን መለያሽን ይዞ 24 ሰዓት ይቆጥራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የገዛው ላንቺ ይታሰባል፤ አንቺ የጻፍሽለትን የቡና መፍጫ ትቶ ድስት ቢገዛም እንኳ። ሰኞ ማታ ተጭኖ ረቡዕ በራሱ መንገድ ተመልሶ ከገዛ ግን ምንም አታገኚም። ሰኞውኑ ዕቃውን የግዢ ጋሪው ውስጥ ጨምሮት ከነበረ ነገሩ ይለያል፤ ብዙውን ጊዜ እስከ 90 ቀን ድረስ ሲገዛው ድርሻሽ አይጠፋም። ዕቃውን ጋሪው ውስጥ ሳይጨምር የሌላ ጸሐፊ ሊንክ ከተጫነ ግን ከዚያ በኋላ የሚገዛው ለዚያ ሰው ይታሰባል።

በቁጥር እንየው። መፍጫው 60 ዶላር ነው እንበል። የአሜሪካው አማዞን ለወጥ ቤት ዕቃ 4.5 በመቶ ቢከፍል፣ ከአንዱ መፍጫ 2 ዶላር ከ70 ሳንቲም ይደርስሻል። ጽሑፉን 1,000 ሰው አንብቦት 50ው ሊንኩን ቢጫኑና ሁለቱ ቢገዙ ጠቅላላው 5 ዶላር ከ40 ነው። አንደኛው ዕቃውን ከመለሰ ግማሹ ተመልሶ ይቀነሳል። የማርች ሽያጭ የሚከፈለው ደግሞ ሜይ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ በባንክ ለመቀበል ቢያንስ 10 ዶላር መሙላት አለበት። መቶኛው በዕቃው ዓይነት ይለያያል፣ አማዞንም ይቀያይረዋል፤ ስለዚህ የጊዜውን ሠንጠረዥ ሳታዪ ስሌት አትጀምሪ። በዚህ ገቢ የቤት ኪራይ አይታሰብም።

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው ምዝገባው ላይ ነው። ከተመዘገብሽ በኋላ በ180 ቀን ውስጥ ቢያንስ 3 ሽያጭ ካላመጣሽ አካውንቱ ይዘጋል። በራስሽ ሊንክ የገዛሽው ደግሞ አይቆጠርም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ፈልጎ የሚያነባቸው ጥቂት ጽሑፎች ይኑሩሽ፣ ከዚያ ተመዝገቢ።

አሁን ወደ ግልጽነቱ። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው። የሚፈልገውም አንባቢው ሊንኩን ከመጫኑ በፊት ጥቅም እንዳለሽ እንዲያውቅ ነው። ማስታወቂያው ገጹ ግርጌ ላይ ወይም «ስለ እኔ» በሚለው ገጽ ውስጥ ከተቀመጠ አብዛኛው ሰው ሳያየው ያልፋል፤ ቦታው ከመጀመሪያው ሊንክ በላይ፣ ከጽሑፉ ጋር እኩል በሆነ ፊደል ነው። «አፊሊየት ሊንክ» ብሎ መተውም አይበቃም፣ ቃሉን የማያውቅ ብዙ ነውና። የአማርኛ ጸሐፊዎች በተለይ የሚስቱት ደግሞ ቋንቋውን ነው፤ ምክሩን በአማርኛ ጽፈሽ ማስታወቂያውን በእንግሊዝኛ ብቻ ካደረግሽው አንባቢሽን አልነገርሽውም። እንዲህ በይ፦

«ከዚህ በታች ባሉት የአማዞን ሊንኮች ገብታችሁ ዕቃ ከገዛችሁ ኮሚሽን አገኛለሁ። ለእናንተ ዋጋው አይጨምርም።»

አማዞን ደግሞ የራሱን ዐረፍተ ነገር ይጠይቃል። እሱን ከአማርኛው ሥር እንዳለ ጨምሪው፦

```
As an Amazon Associate I earn from qualifying purchases.
```

ለጉግል ደግሞ ሊንኩ የሚከፈልበት መሆኑን በኮዱ ላይ ታመለክቻለሽ። ይህን አንባቢ ስለማያየው የላይኛውን ማስታወቂያ አይተካም፦

```html
<a href="የአንቺ ሊንክ" rel="sponsored">የቡና መፍጫው</a>
```

መፍጫውን ሻጩ በነፃ ልኮልሽ ከሆነ ያንንም ለብቻው ጻፊ፤ የኮሚሽኑ ማስታወቂያ ስጦታውን አይሸፍንም። ያልሞከርሽውን ዕቃ «ስጠቀምበት» እያልሽ አትጻፊ፤ ከሻጩ ገጽና ከገዢዎች አስተያየት የሰበሰብሽው ከሆነ እንደዚያው በይ። ዋጋውንም በእጅሽ ጽፈሽ አትተዪ። በማግስቱ ሊለወጥ ይችላል፣ የአማዞን ደንብም አይፈቅድም፤ «የዛሬውን ዋጋ ሊንኩ ላይ እዩ» ብትዪ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይቀድማል። አሜሪካ ያለሽው በተማሪ ቪዛ F-1 ከሆነ፣ የብሎግ ገቢ እንደ ሥራ ሊቆጠር ስለሚችል አካውንቱን ከመክፈትሽ በፊት የትምህርት ቤትሽን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቂ፤ መልሳቸውንም በኢሜይል ተቀበዪ።