ቤቴ ገበያ ላይ ስንት ቀን ይቆይ? ዋጋስ መቼ ልቀንስ? ጥያቄና መልስ ከሜሪላንድ

ሰላም ቤተሰብ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ቤት ማሻሻጥ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፦ ለሽያጭ የወጣ ቤት ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ዋጋስ የሚቀነሰው መቼ ነው። ስትጠይቁ ሰፈሩን፣ የቤቱን ዓይነት፣ ዋጋውንና የወጣበትን ቀን ጻፉልኝ።

የጀርመንታውኑ፦ ታውንሃውሴን በ549,900 አውጥቼው 16 ቀን ሆነው። ያየው አራት ሰው ብቻ ነው። ልጠብቅ ወይስ ልቀንስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብራይት ኤምኤልኤስ ከሚባለው የኤጀንቶች የቤት ሽያጭ መዝገብ አስወጥተህ የላክልኝን ዝርዝር አየሁት። በሰፈርህ ያንተን የሚመስሉ 18 ታውንሃውሶች ባለፉት ስድስት ወራት ተሸጠዋል። በወር ሦስት ማለት ነው። አሁን ገበያ ላይ ያሉት ደግሞ ያንተን ጨምሮ ስድስት ናቸው። ስድስቱን ለሦስት ብታካፍለው ሁለት ወር ይመጣል።

ይህ ግን ሁሉም ቤት ሁለት ወር ይጠብቃል ማለት አይደለም። ነገሩ ወረፋ ነው። በዋጋና በአያያዝ የሚሻለው ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ይሄዳል። መጨረሻ የቆመው ሁለት ወር ይጠብቃል። መሃል ላይ አዲስ ቤት በረከስ ያለ ዋጋ ከወጣ ደግሞ ወረፋው ይገፋበታል። ዝርዝርህ ላይ የተሸጡት ቤቶች ከ505 ሺህ እስከ 522 ሺህ ነው የሄዱት። አንተ 549,900 ጠርተህ ከስድስቱ መጨረሻ ላይ ነው የቆምከው።

16 ቀን አጭር ይመስላል፤ ግን ዋናው ጊዜ አልፏል። ቤት ሲወጣ ሰፈሩን ለወራት ሲከታተሉ ለቆዩ ገዢዎች ሁሉ በዚያው ቀን መልእክት ይደርሳቸዋል። እነዚህ ሰዎች የሚመጡት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜና እሁዶች ነው። አይተው ዝም ካሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀርህ አዲስ ፍለጋ የጀመረ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በሳምንት አንድም ሁለትም ቢሆን ነው። ስለዚህ ቀንስ።

ግን 539,900 እንዳታደርገው፤ ይህን ስህተት ስንቴ አየሁት። ገዢ ፍለጋውን ሲሞላ ጣሪያ ያስቀምጣል። ብዙውን ጊዜ 500፣ 525፣ 550 ሺህ ነው። 539,900 ስታደርገው የሚያዩህ እነዚያው ቀድመው አይተው ያለፉህ ሰዎች ናቸው። 524,900 ካደረግከው ግን ጣሪያቸው 525 ሺህ የሆነ ሰዎች ቤትህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያሉ። አንዴ ቀንስ፣ በደንብ ቀንስ።

አባል፦ እኔ አልስማማም። የሀበሻ ገዢ እንደሆነ መከራከሩ አይቀርም። ትንሽ ከፍ አድርጎ መጥራት ነው እንጂ።

መልስ፦ የሚከራከረው ቤቱን ያየ ሰው ነው። በፍለጋው ውስጥ ያልገባ ቤት ላይ ማን ይከራከራል?

ሌላ አባል፦ የኛን በ2021 በሦስት ቀን ሸጥነው። ዘጠኝ ኦፈር ነበር። ከጠራነውም በላይ ነው የሄደው። ኤጀንቱ ሰነፍ ቢሆን ነው።

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ። ያኔ የሞርጌጅ ወለድ ሦስት በመቶ አካባቢ ነበር። በዚያ ዘመን ቀን አትቁጠሩ።

አዲስ ሻጭ፦ ቤት ልሸጥ ነበር። በስንት ቀን ይሸጣል?

መልስ፦ የት? ምን ዓይነት ቤት? በስንት? ከላይ ጻፉ ብያለሁ።

አዲስ ሻጭ፦ ይቅርታ። ሮክቪል ነው፣ ነጠላ ቤት። ጎረቤቴ 790 ሺህ ጠርቷል፤ እኔም እንደዚያው ላድርግ ብዬ ነው።

መልስ፦ ጎረቤትህ ሸጧል? ካልሸጠ እሱም እንዳንተ ተስፋ እያደረገ ነው። የተጠራበትን አትዩ፣ የተሸጠበትን እዩ። እንደ ጀርመንታውኑ ወንድማችን ዝርዝር አስወጣና ተመለስ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦ ልጄ፣ ኮንዶዬ 40 ቀን ሆነው። ዋጋ ሁለቴ ቀንሻለሁ። 19 ሰው አየው፣ ኦፈር ግን አንድ ብቻ መጣ። እሱም ፈርሞ ተወው። ሦስተኛ ልቀንስ?

መልስ፦ እትዬ፣ ቆይ አይቀንሱ። 19 ሰው ከመጣ ዋጋው ሰው እየጠራ ነው። የሚመልሳቸው ሌላ ነገር ነው። ያ ሰውዬ የተወው መቼ ነው? የኮንዶ ማኅበሩን ሰነድ ካገኘ በኋላ ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦ አዎ፣ በአራተኛው ቀን። ወርሃዊው ክፍያ 780 ነው። ለጣሪያ ተጨማሪ መዋጮም አለብን።

መልስ፦ በሜሪላንድ የኮንዶ ገዢ ሰነዱን ካገኘ በኋላ ሰባት ቀን አለው፤ ካልወደደው ይተዋል። እሱም ያደረገው ይህንኑ ነው። ገዢ የሚያስበው በወር ስንት እንደሚከፍል ነው። ወለድ ሰባት በመቶ ሲሆን በወር 100 ዶላር የማኅበር ክፍያ 15 ሺህ ዶላር ብድር እንደመጨመር ነው። የእርስዎ ክፍያ በአቅራቢያው ካሉት ሕንፃዎች በ200 ከበለጠ፣ ቤትዎ በገዢው ሂሳብ 30 ሺህ ተወድዷል ማለት ነው። ስለዚህ ከሌላ ሕንፃ ጋር አያወዳድሩት። በእርስዎ ሕንፃ የተሸጡትን ብቻ ይመልከቱ። የጣሪያውን መዋጮም ራስዎ ከፍለው ይጨርሱትና ማስታወቂያው ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ። ሕንፃው ላይ ባንኮች ብድር እምቢ እያሉ እንደሆነም ኤጀንትዎ አሁኑኑ ይጠይቅ። እምቢ ካሉ የሚገዛው ጥሬ ገንዘብ ያለው ብቻ ነው፤ የቀኑም የዋጋውም ግምት ይለወጣል።

አባል፦ እኔ ብሆን አውርጄ በሳምንቱ እንደ አዲስ አወጣው ነበር። ቀኑ ከዜሮ ይጀምራል።

መልስ፦ አያታልልም። ብራይት ኤምኤልኤስ ላይ ጠቅላላው የቀን ቁጥር አብሮ ይታያል። የዋጋውም ታሪክ ዚሎው ላይ አለ። የገዢው ኤጀንት መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው።

የአናንዴሉ፦ ዋጋ ከመቀነስ ለገዢው የክሎዚንግ ወጪ 10 ሺህ መስጠት ይሻላል። እኔ እንደዚያ ነው የሸጥኩት።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። በእጁ ጥሬ ገንዘብ ላጠረው ገዢ 10 ሺህ ከዋጋ ቅናሽ ይበልጥበታል። ግን ፍለጋው ውስጥ አያስገባህም። ቤቱን አይቶ ለሚያመነታ ሰው ይሠራል፤ ላላየው አይሠራም።

የአናንዴሉ፦ እኔ ጋ ግን ያንኑ ሳምንት ሰው መጣ።

መልስ፦ ኤጀንቶች ማስታወቂያው ላይ አይተው አምጥተውት ይሆናል። ይህን አልክድም።

ገዢ፦ እኔ ገዢ ነኝ። 70 ቀን የቆየ ቤት ወድጃለሁ። ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ የዋጋውን ታሪክ እይ። በውድ ተጠርቶ ቀስ በቀስ የወረደ ከሆነ ችግሩ ዋጋው ነበር። ተፈርሞ የፈረሰ ከሆነ ለምን እንደፈረሰ አስጠይቅ።

አባል፦ አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየሜስ? ደላላው ቀንሺ እያለኝ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እዚያ አላሻሽጥም። የሚያውቅ ካለ ይመልስላት።

ሌላ አባል፦ እኔ ግን አሁንም አልገባኝም፤ በአጠቃላይ ስንት ቀን ሲሞላ ነው የሚቀነሰው?

መልስ፦ በአጠቃላይ የሚባል የለም! በወር ስንት ይሸጣል? ስንት ቤት አለ? ስንት ሰው አየው? የተጠራበትን አትዩ፣ የተሸጠበትን እዩ።

የጀርመንታውኑ፦ እህቴ፣ ባለቤቴን ለማሳመን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። 524,900 አድርገነዋል።

መልስ፦ ለምን እንደከበዳት ይገባኛል፤ 25 ሺህ ብዙ ገንዘብ ነው። ግን ሞርጌጁ፣ ታክሱና የማኅበሩ ክፍያ በወር 3,400 ይወስዱባችኋል ብለኸኛል። ሁለት ወር ብትጠብቁ 6,800 ይሄዳል፣ የዋጋው ጥያቄም እንዳለ ይቀራል። መቼ ነው የተቀየረው?

የጀርመንታውኑ፦ ዛሬ ሐሙስ ጠዋት።

መልስ፦ ጥሩ ቀን ነው፤ ሰው ለቅዳሜ ቀጠሮ የሚይዘው ዛሬና ነገ ነው። እሁድ ማታ ስንት ሰው እንዳየው፣ ከነሱም ስንቱ ድጋሚ ልይ እንዳለ ጻፍልኝ።